ገንዘቡ የሚፈለግበት ቀን

በሜሪላንድ አንድ ሆስፒታል የምትሠራ የ48 ዓመት ሴት እናስብ። በመሥሪያ ቤቷ የጡረታ ቁጠባ፣ ፎር ኦ ዋን ኬ በምንለው ሂሳብ፣ 130,000 ዶላር አላት። ባንክ ደግሞ 70,000 ዶላር አጠራቅማለች። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤት መግዛት ትፈልጋለች። ከሦስት ዓመት በኋላ ልጇ ኮሌጅ ትገባለች። ራሷ ጡረታ የምትወጣው በ67 ዓመቷ ነው። ሁኔታዋን ያዘጋጀሁት ለስሌት እንዲመች ብዬ ነው፤ ግን በዋሽንግተን ዙሪያ ለምንኖር ሰዎች እንዲህ ያለች እህት ወይም ጎረቤት እንግዳ አይደለችም።

ይህች ሴት «ገንዘቤን በአክሲዮን፣ በቦንድና በጥሬ ገንዘብ እንዴት ልከፋፍለው?» ብላ ብትጠይቅ ቶሎ የሚመጣላት መልስ የታወቀ ነው፦ ከ100 ላይ ዕድሜሽን ቀንሺ፣ የቀረው አክሲዮን ይሁን። ሰው ረጅም መኖር ስለጀመረ ዛሬ ብዙዎች ከ110 ነው የሚቀንሱት። 110 ሲቀነስ 48፣ 62 ይሆናል። እንግዲህ ካላት 200,000 ዶላር 62 ከመቶው አክሲዮን፣ 38 ከመቶው ቦንድ ይሁን ማለት ነው።

የዚህ ስሌት ችግር የሚያውቀው ዕድሜዋን ብቻ መሆኑ ነው። ቤቱንም ልጅቷንም አያውቅም። ለቤቱ ዳውን ፔይመንት ከያዘችው ገንዘብ 30,000 ዶላሩን ወስደን በዚህ ቀመር እንከፋፍለው። 18,600 አክሲዮን፣ 11,400 ቦንድ ይሆናል። በ2008 የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን 37 ከመቶ ገደማ ወድቆ፣ ጥሩ ቦንድ ግን 5 ከመቶ ገደማ አትርፎ ነበር። እንዲህ ያለ ዓመት ቢመጣ 30,000ው ወደ 23,700 ይወርዳል። በ2022 ደግሞ አክሲዮኑ 18 ከመቶ፣ ቦንዱም 13 ከመቶ ገደማ ወደቁ። ያ ዓመት ቢደገም የሚተርፋት 25,200 አካባቢ ነው። ገበያው ይመለሳል፣ እውነት ነው። ግን በጥቅምት 2007 ጫፍ ላይ የነበረው የአክሲዮን ዋጋ ወደዚያው ቁጥር የተመለሰው በ2013 የጸደይ ወራት መግቢያ ላይ ነው። አምስት ዓመት ተኩል ገደማ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ብቻ ያለው ሰው ይህን ቁጭ ብሎ ሊጠብቅ አይችልም።

ያው ቀመር የጡረታ ገንዘቧን ደግሞ በተቃራኒው ይጎዳዋል። 130,000ው ለ19 ዓመት አይነካም። ከዚያም በኋላ ቢሆን በአንድ ቀን አይወጣም፤ እስከ 85 እና 90 ዓመት ዕድሜዋ ድረስ በየወሩ የሚቀነስ ነው። ለእንዲህ ያለ ገንዘብ ትልቁ አደጋ የአንድ ክፉ ዓመት ውድቀት አይደለም፣ የዋጋ ንረት ነው። ኑሮ በዓመት 3 ከመቶ ብቻ ቢወደድ፣ የዛሬ 100 ዶላር ከ19 ዓመት በኋላ የሚገዛው ዛሬ 57 ዶላር የሚገዛውን ያህል ነው። እንዲህ ሲታይ 38 ከመቶ ቦንድ ለዚህ ገንዘብ የበዛ ጥንቃቄ ነው።

ስለዚህ እኔ በዕድሜ መጀመሩን ትቼ፣ እያንዳንዱ ዶላር መቼ እንደሚፈለግ በመጠየቅ ነው የምጀምረው። አንድ ሰው አንድ ዕድሜ ብቻ ቢኖረውም በእጁ ያለው ገንዘብ ብዙ ቀጠሮ አለው። የዚህችን ሴት 200,000 ዶላር በቀጠሮው እንበትነው።

መጀመሪያ 15,000 ዶላር ለድንገተኛ ነገር ይቀመጥ። ይህ ቀጠሮው ነገ ሊሆን የሚችል ገንዘብ ነው። ሥራ ሊቆም፣ መኪና ሊበላሽ ይችላል። የእኛ ሰው ደግሞ ሌላ የሚጠብቀው ነገር አለ፤ ሌሊት ከአገር ቤት የሚደወል ስልክ። እናት ታመዋል ሲባል ትኬትም ሕክምናም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይፈለጋል። የአሜሪካ የገንዘብ አማካሪዎች ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚበቃ ወጪ ያዙ ሲሉ ይህን ስልክ አይቆጥሩትም። እኛ ግን መቁጠር አለብን። ይህ ገንዘብ የሚቀመጠው ጥሩ ወለድ በሚከፍል የቁጠባ ሂሳብ ውስጥ ነው። በፌዴራል መንግሥቱ የተቀማጭ ዋስትና በተሸፈነ ባንክ ውስጥ ለአንድ ሰው እስከ 250,000 ዶላር ድረስ ዋስትና አለው።

ቀጥሎ የቤቱ 30,000 ዶላር ነው። ቀጠሮው ከሁለት ዓመት በኋላ ስለሆነ እዚህ ውስጥ አክሲዮን አይገባም። ገንዘቡ ለተወሰነ ጊዜ ተቆልፎ ቋሚ ወለድ የሚያገኝበት፣ ከቀጠሮው በፊት የሚደርስ የባንክ ሲዲ፣ ወይም ትሬዠሪ ቢል የሚባለው የመንግሥት የአጭር ጊዜ ሰነድ ይበቃዋል። ትሬዠሪ ቢል ከአራት ሳምንት እስከ 52 ሳምንት ባለው ጊዜ የሚደርስ ነው፤ ከ100 ዶላር ጀምሮ ይገዛል፤ ወለዱ ላይም የስቴት ግብር የለም። ሜሪላንድ ለሚኖር ሰው ይቺ የምትናቅ አይደለችም።

የልጅቷ ትምህርት 25,000 ዶላር አንድ ቀጠሮ የለውም፣ አራት አለው። ከሦስት፣ ከአራት፣ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ በየነሐሴው 6,250 ዶላር ይፈለጋል። ይህ ቦንድ በትክክል ሥራውን የሚሠራበት ቦታ ነው። እያንዳንዱ ክፍያ ከሚፈለግበት ነሐሴ በፊት የሚደርስ ቦንድ ወይም ሲዲ ይገዛለታል፤ አራት ደረጃ ያለው መሰላል እንደማለት ነው።

የቀረው 130,000 የጡረታው ነው። እሱ ውስጥ 80 ከመቶ አክሲዮን፣ 20 ከመቶ ቦንድ ብናደርግ 104,000 እና 26,000 ይሆናል። አሁን ሁሉንም እንደምር፦ አክሲዮን 104,000፣ ቦንድ 51,000፣ ጥሬ ገንዘብና መሰሉ 45,000። ከጠቅላላው አክሲዮኑ 52 ከመቶ ነው። ቁጥሩ ከ62ቱ ያንሳል፣ ግን ዋናው ነገር ማነሱ አይደለም። 52 የሚለው ቁጥር የመጣው ከቀጠሮዎቹ ድምር ነው፤ ማንም አስቀድሞ አልመረጠውም። ገበያው ነገ በግማሽ ቢወድቅ 52,000 ዶላር በወረቀት ላይ ይጠፋባታል። ያማል። ነገር ግን የሚጠፋው በሙሉ ለ19 ዓመት ከማትነካው ገንዘብ ነው፤ ቤቱም ይገዛል፣ ልጅቷም ትመዘገባለች።

ቦንድ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ በ2022 ብዙ ሰው የተጎዳው እዚህ ላይ ነው። «ቦንድ ደህና ነው» ተብለው አስቀምጠው በዓመቱ መጨረሻ 13 ከመቶ የጎደለ ሂሳብ ያዩ ሰዎች ተታለልን ብለው አዘኑ። የሆነው ነገር ይህ ነው። ቦንድ ማለት ለመንግሥት ወይም ለኩባንያ የተሰጠ ብድር ነው። አንድ ሰው በዓመት አንድ ከመቶ ተኩል የሚከፍል ቦንድ ይዞ ሳለ፣ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ከፍ አድርጎ አዲሱ ቦንድ 4 ከመቶ መክፈል ቢጀምር፣ አሮጌውን በሙሉ ዋጋ የሚገዛ የለም። መሸጥ ከተፈለገ ዋጋው መውረድ አለበት። ባንኩ ከመጋቢት 2022 ጀምሮ ዜሮ አካባቢ የነበረውን ወለድ እስከ ሐምሌ 2023 ከ5 ከመቶ በላይ አደረሰው። ብዙ ቦንዶችን በአንድ ላይ የያዙት የቦንድ ፈንዶችም ዋጋ አብሮ ወደቀ።

ምን ያህል እንደሚወድቅ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። የማንኛውም ቦንድ ፈንድ ገጽ ላይ Duration የሚል ቃል፣ ከጎኑም በዓመት የተጻፈ ቁጥር አለ። ቁጥሩ 6 ከሆነ፣ ወለድ በአንድ ከመቶ ሲጨምር የፈንዱ ዋጋ 6 ከመቶ ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። ሰፊውን የአሜሪካ ቦንድ ገበያ የሚከተሉት የተለመዱ ፈንዶች ቁጥራቸው 6 አካባቢ ነው። 2 የሆነ ፈንድ 2 ከመቶ ብቻ ይነካዋል። የተጎዳ ፈንድ በበኩሉ ከዚያ በኋላ አዲሱን ከፍ ያለ ወለድ ስለሚሰበስብ፣ ያንን ያህል ዓመት የሚጠብቅ ሰው ኪሳራውን አብዛኛውን ያካክሳል። ስለዚህ ማነጻጸር ያለብን ሁለት ቁጥሮችን ነው፤ ፈንዱ ላይ የተጻፈውን ዓመትና እኛ እስከ ቀጠሯችን የቀረንን ዓመት። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤት የሚገዛ ሰው 6 የተጻፈበት ፈንድ ውስጥ ካለ፣ ቦንድ መያዙ ትክክል ሆኖ ሳለ ርዝመቱ አልገጠመውም። ለጡረታው 26,000 ግን ያው ፈንድ ምንም አይልም። ለልጅቷ ክፍያ ደግሞ ከፈንድ ይልቅ ቀኑ የተቆረጠ ቦንድ የመረጥኩት ለዚህ ነው። መንግሥት የሰጠው ቦንድ በመሃል ዋጋው ቢወርድም እስከ ቀኑ ለያዘው ሰው ሙሉ ገንዘቡ ይመለስለታል።

ወደ ጡረታው ልመለስ። የብዙዎቻችን ፎር ኦ ዋን ኬ፣ ራሳችን ካልነካነው፣ ታርጌት ዴት በሚባል ፈንድ ውስጥ ነው ያለው። በ2006 የወጣው የጡረታ ሕግ አሠሪዎች ምርጫ ያላደረገን ሠራተኛ በእንዲህ ያለ ፈንድ ውስጥ እንዲያስገቡ መንገድ ከፍቷል። ስሙ ላይ 2045 የሚል ዓመት ካለ፣ በዚያ ዓመት አካባቢ ጡረታ ለሚወጣ ሰው የተሠራ ነው። ዛሬ አብዛኛው አክሲዮን ሆኖ ዓመቱ ሲቀርብ ራሱ ወደ ቦንድ ያዘነብላል። ለዚህች ሴት የጡረታ ክፍል መጥፎ ምርጫ አይደለም። ግን ዓመቱን ብቻ አይቶ መተው አይገባም። በ2008፣ ሁለት ዓመት ብቻ የቀራቸው የ2010 ፈንዶች በአማካይ 25 ከመቶ ገደማ ነው የወደቁት። ከመካከላቸው ጥቂት ከመቶ ብቻ ያጡ ነበሩ፤ 41 ከመቶ ያጣም ነበር። ሁሉም ላይ የተጻፈው ዓመት አንድ ነበር፣ ውስጣቸው የነበረው አክሲዮን ግን በጣም ይለያያል። ፈንዱን ከፍቶ ከመቶ ስንቱ አክሲዮን እንደሆነ ማየት ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ሌላም የማየት ነገር አለ። አንድ ዘመዴ ሥራ ሲቀይር የድሮ መሥሪያ ቤቱን የጡረታ ገንዘብ በስሙ ወደተከፈተ የግል የጡረታ ሂሳብ አዛወረ። ወረቀቱን ሞላ፣ ገንዘቡ ደረሰ፣ ተደሰተ። ከዓመታት በኋላ ቁጭ ብለን ስናየው ገንዘቡ በሙሉ በጥሬው እንደተቀመጠ አገኘነው። ሲዛወር አክሲዮኑና ቦንዱ ተሽጦ በጥሬ ገንዘብ ነው የሚገባው፤ ድጋሚ የሚገዛው ባለቤቱ ራሱ ነው። ይህን ማንም አልነገረውም። ሥራ የቀየረ ሰው ሁሉ መግለጫውን አውጥቶ፣ ከጠቅላላው ድምር ቁጥር በታች ገንዘቡ በምን መልክ እንዳለ የሚዘረዝረውን መስመር እንዲያነብ እለምናለሁ። ጥሬ ገንዘብ እዚያ ውስጥ መቀመጡ ለድንገተኛ ነገር እንኳ አይረዳም፤ ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ለሚያወጣ ሰው፣ ከጥቂት የተፈቀዱ ምክንያቶች በቀር፣ ከግብሩ ሌላ 10 ከመቶ ቅጣት አለው።

ጡረታ ሲቃረብ ምን ያህል ቦንድና ጥሬ ገንዘብ ይያዝ ለሚለው ደግሞ፣ ከመቶኛ ይልቅ በዶላር መነሳት ይሻላል። መነሻው ሶሻል ሴኩሪቲ ነው። ይህ ክፍያ በየወሩ እስከ ሕይወት መጨረሻ የሚመጣ ስለሆነ እንደ ትልቅ ቦንድ ይቆጠራል። ግን የኛ ቦንድ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። ክፍያው የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ በተገኘባቸው 35 ዓመታት አማካይ ነው። ይህች ሴት አሜሪካ የገባችው በ38 ዓመቷ ከሆነ፣ እስከ 67 ብትሠራ 29 ዓመት ነው የሚሆናት። የጎደሉት ስድስት ዓመታት ዜሮ ሆነው ይገባሉ። ስሌቱ ዝቅተኛ ተከፋዩን በመጠኑ ቢያግዝም ልዩነቱ ይታያል። እዚህ ተወልዶ ከ22 ዓመቱ ጀምሮ የሠራ ባልደረባዋ የሚያገኘውን አስባ ማቀድ የለባትም። ssa.gov ላይ የራሷን መግለጫ ማየት አለባት።

እንበልና መግለጫው በወር 1,700 ዶላር ታገኛለሽ አላት፤ ኑሮዋ ደግሞ 3,000 ይፈልጋል። በወር 1,300፣ በዓመት 15,600 ዶላር ከራሷ ቁጠባ ታወጣለች። ከላይ ያየነው የ2007ቱ ውድቀት ለመመለስ አምስት ዓመት ተኩል ያህል ፈጅቷል። ስለዚህ ጡረታ በወጣችበት ቀን ቢያንስ የአምስት ዓመት ጉድለቷ፣ 78,000 ዶላር፣ ከአክሲዮን ውጭ ቢሆን በክፉ ጊዜ የወደቀ አክሲዮን ሸጣ አትበላም። በጡረታ መጀመሪያ ዓመታት በወደቀ ዋጋ እየሸጡ መኖር ገንዘቡን ከሁሉ በላይ የሚያሳጥር ነገር ነው፤ የተሸጠው አክሲዮን ገበያው ሲመለስ አብሮ አይመለስማ። ልቧ የሚፈራ ከሆነ የአሥር ዓመት፣ 156,000 ትያዝ። በዚያ ጊዜ 350,000 ቢኖራት ይህ 45 ከመቶ ያህል ነው፤ ብዙ ታርጌት ዴት ፈንዶች ለጡረታ ቀን ከሚይዙት ግማሽ በግማሽ ብዙም አይርቅም። ወደዚያ መሸጋገሩን ከ57 ዓመቷ ጀምሮ በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ ብታደርገው፣ በመጨረሻው ዓመት ገበያው ክፉ ሆኖ ቢጠብቃት እንኳ ብዙ አይነካትም።

የኛ ሰው ሂሳብ ውስጥ የአሜሪካ ቀመሮች የማያዩዋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ እቁብ ነው። ዕጣዋ ገና ያልወጣ ሴት ከስምንት ወር በኋላ የምትወስደው 10,000 ዶላር ካለ፣ እስካሁን የጣለችው ቀን ያለው ጥሬ ገንዘብ ሆኖ ሊቆጠርላት ይችላል፤ ዋስትናው ግን የባንክ ሳይሆን የዳኛውና የአባላቱ ነው። ዕጣዋ ወጥቶ በእጇ ከገባ ደግሞ የቀረው መዋጮ ዕዳ ነው፤ በስልክ የምታየው ቀሪ ሂሳብ ሁሉ የእሷ አይደለም። ሌላው አዲስ አበባ ያለ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ነው። ብዙዎች «የኔ ቦንድ እሱ ነው» ይላሉ። ኪራዩ በብር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ በጥቂት ወራት ከ100 በላይ ሆኗል። በአገር ቤት ለሚወጣ ወጪ፣ ለወላጅ መጦሪያ ወይም ለራስ መመለሻ ያ ቤት ጥሩ ነው። በሜሪላንድ በዶላር የሚከፈለውን የሕክምናና የቤት ኪራይ ወጪ ግን አይሸፍንም። ቀጠሮው የት አገር እንደሆነ ገንዘቡም በዚያ አገር ገንዘብ ቢሆን ይመረጣል።

የቀረው ነገር ክፍፍሉን መጠበቅ ነው፤ ይህም በተግባር ሲታይ ቀላል አይደለም። ገበያው በግማሽ ወደቀ እንበል። የጡረታው 104,000 አክሲዮን 52,000 ሆኗል፣ ቦንዱ 26,000 ላይ አለ። ድምሩ 78,000፤ አክሲዮኑ ከ80 ወደ 67 ከመቶ ወርዷል። ወደ 80 ለመመለስ 10,400 ዶላር ከቦንድ አውጥቶ አክሲዮን መግዛት ያስፈልጋል። ዜናው ሁሉ ክፉ በሆነበት ሳምንት፣ የሥራ ባልደረቦች «እኔስ ሸጥኩ» በሚሉበት ጊዜ፣ ያጣችበትን አክሲዮን ደግማ ትገዛለች ማለት ነው። ይህን ማድረግ እንደማትችል አስቀድማ ካወቀች ከመነሻው 65 ወይም 60 ብትይዝ ይሻላታል። 80 ይዛ በታችኛው ዋጋ ላይ የምትሸጥ ሰው፣ 60 ይዛ ዝም ካለች ሰው የባሰ ነው የምትጎዳው። ራሷን ለመፈተን በመቶኛ ሳይሆን በዶላር ትጠይቅ። «ካለሽ ገንዘብ 26 ከመቶው ቢጠፋ» ሲባል ማንም አይደነግጥም። «52,000 ዶላር፣ የአንድ ዓመት ከግማሽ ደመወዝሽ ያህል፣ በመግለጫው ላይ ጠፍቶ ብታዪ በማግስቱ ምን ታደርጊያለሽ?» ሲባል ነው እውነተኛው መልስ የሚመጣው።

ቀጠሮ ደግሞ ይቀየራል። ከሁለት ዓመት በኋላ የቤት ብድር ወለድ ውድ ሆኖባት ግዢውን ወደ ስድስት ዓመት ብታራዝመው፣ 30,000ው ያው ገንዘብ አይደለም፤ ከሲዲ ወጥቶ የተወሰነው ረዘም ወዳለ ቦንድ፣ ምናልባትም ጥቂቱ ወደ አክሲዮን መሄድ ይችላል። ልጅቷ የነጻ ትምህርት ዕድል ብታገኝ የመሰላሉ አራቱ ደረጃዎች ሌላ ስምና ሌላ ቀን ይሰጣቸዋል። እኔ በየዓመቱ ጥር ላይ፣ የግብር ወረቀቶች መምጣት ሲጀምሩ፣ አንድ ገጽ ላይ የገንዘቡን መጠንና የሚፈለግበትን ወርና ዓመት ብቻ ጎን ለጎን እጽፋለሁ። አክሲዮን፣ ቦንድ፣ ጥሬ ገንዘብ የሚለው ሦስተኛው ረድፍ የሚሞላው ሁለቱ ካለቁ በኋላ ነው።